የፍሪጅ በር ጎማን በወረቀት ቁራጭ መፈተሽ፦ የላላ ጎማ ቆጣሪን ለምን እንደሚያስሮጥ

የፍሪጅ በር የሚዘጋው በመቆለፊያ ሳይሆን በዙሪያው በተገጠመው ለስላሳ ጎማ ነው። ጎማው ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ውስጡ ክፍት የሆነና በጎኑ የተጣጠፈ ሲሆን፣ ከፊት በኩል ባለው ቦዩ ውስጥ ቀጭን የማግኔት ገመድ ዙሪያውን ያልፋል። በሩ ሲጠጋ ማግኔቱ የፍሪጁን የብረት ክፈፍ ይይዛል፤ እጥፋቱም ተዘርግቶ በበሩና በክፈፉ መካከል ያለውን ያልተስተካከለ ክፍተት ይሞላል። ስለዚህ አንድ ጎማ በሁለት መንገድ ሊደክም ይችላል። አንደኛው ፕላስቲኩ ደርቆ፣ ተሰንጥቆ ወይም ቅርጹን ስቶ እስከ ክፈፉ መድረስ ሲያቅተው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ደርሶም ሳለ ማግኔቱ በበቂ ኃይል ሳይዝ ሲቀር ነው። ሁለተኛው በዓይን ሲታይ ደህና ስለሚመስል፣ የወረቀት ፍተሻ በተለይ የሚጠቅመው እሱን ለማግኘት ነው።

ከፍተሻው በፊት

መጀመሪያ ጎማውን ማጽዳት ያስፈልጋል። ቆሻሻ ጎማ ላይ የሚደረግ ፍተሻ ስለ ቆሻሻው እንጂ ስለ ጎማው አይነግርም። በእኛ ቤት ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጠው ቅቤ፣ የወጥ ዘይትና የማር ጠብታ በተለይ በታችኛው እጥፋት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲደርቅም ጎማውን ከክፈፉ ጋር ያጣብቀዋል። እንዲህ የተጣበቀ ጎማ ወረቀቱን አጥብቆ ስለሚይዝ ደህና ይመስላል፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን እየተጎተተ ይቀደዳል። ለብ ያለ ውሃና ጥቂት የዕቃ ሳሙና፣ ለእጥፋቱ ደግሞ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። በረኪናና ቤንዚን ፕላስቲኩን ያደርቁታልና አይጠቀሙባቸው። ጎማው የሚያርፍበትን የብረት ክፈፍም አብረው ይጥረጉ፤ ቀለሙ ተልጦ ዝገት ያበጠበት ቦታ ካለ ጎማው እዚያ ላይ ተስተካክሎ ሊያርፍ ስለማይችል ልብ ብለው ይያዙት። ከዚያ ሁሉንም በደረቅ ጨርቅ ያድርቁ፤ እርጥብ ጎማ ወረቀቱን ያጣብቃል።

ወረቀቱ ተራ የማተሚያ ወረቀት ይሁን። ወርዱ አራት ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ያህል አድርገው ሦስት አራት ቁራጭ ይቁረጡ። ብዙ ሰው የብር ኖት ይጠቀማል፤ ይሠራልም። ይሁን እንጂ ኖት በእጅ ብዛት ስለሚለሰልስ አንዱ ከሌላው እኩል አይያዝም፤ ጎማውን ከወራት በኋላ እንደገና ፈትሾ ለማነጻጸር ተመሳሳይ ወረቀት መጠቀም ይሻላል። የሚያንጸባርቅ የመጽሔት ወረቀት ከደህና ጎማም ያንሸራትታል፤ ካርቶን ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ክፍተቱን ራሱ ሞልቶ ያሳስታል።

በመጨረሻም በሩን የሚገፋ ነገር አለመኖሩን ያረጋግጡ። ወደ ፊት የወጣ መሳቢያ፣ የድስት እጀታ ወይም ጫፉ በበሩ የተያዘ ፌስታል ጎማውን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሰዋል።

ወረቀቱን መጎተት

በሩን ይክፈቱና ወረቀቱን ግማሹ ወደ ውስጥ፣ ግማሹ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርገው ክፈፉ ላይ ያስደግፉት፤ ከዚያ በሩን ሳይወረውሩ፣ በየዕለቱ እንደሚዘጉት አድርገው ይዝጉት። ወዲያውኑ አይጎትቱ። በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ የገባው ሞቃት አየር ወዲያው መቀዝቀዝና መጨማተር ስለሚጀምር፣ በውስጥ ያለው ግፊት ለጥቂት ጊዜ ዝቅ ይላልና በሩ ወደ ውስጥ ይሳባል። የዘጉትን ፍሪጅ ያኔውኑ መልሰው ሲከፍቱ እጅዎ ላይ የሚሰማዎት እንቢታ ከዚህ የመጣ ነው። በዚያች ቅጽበት የላላ ጎማም ወረቀት ሊይዝ ስለሚችል ሁለት ሦስት ደቂቃ መጠበቅ ውጤቱን እውነተኛ ያደርገዋል። በነገራችን ላይ፣ ይህ እንቢታ ፈጽሞ የማይሰማበት ፍሪጅ ገና ወረቀት ሳይገባበት የመጀመሪያውን ጥርጣሬ ሰጥቷል።

ከዚያ ወረቀቱን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ራስዎ፣ ቀጥ አድርገው፣ በዝግታ ይሳቡት። ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ከጎተቱት ወረቀቱ በጎማው ጠርዝ ላይ ስለሚታጠፍ የሌለ ጥንካሬ ይፈጥራል። የሚሰማዎትን ከሦስቱ በአንዱ ይመድቡ፦ ወረቀቱ እየተከተለ ነገር ግን ግልጽ በሆነ መያዝ ከወጣ ቦታው ደህና ነው፤ ትንሽ ብቻ ተይዞ በቀላሉ ከተንሸራተተ ልል ነው፤ ምንም ሳይያዝ ከወጣ ወይም ራሱ ከወደቀ ደግሞ ክፍት ነው። ከጥንካሬው መጠን ይልቅ የሚያስፈልገው ልዩነቱ ነው። ከፍሪጅ ፍሪጅ የማግኔቱ ኃይል ስለሚለያይ፣ ዙሪያውን እኩል የሚይዝ ለስላሳ ጎማ፣ ሦስት ጎኑ በኃይል ይዞ በአንዱ ማዕዘን ከሚለቅ ጎማ ይሻላል።

ፍተሻውን ከላይኛው ማዕዘን ጀምረው በየአሥር ሳንቲሜትሩ ዙሪያውን ይድገሙት። አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ የበሩን ሬክታንግል ሥለው በየነጥቡ ውጤቱን ምልክት ቢያደርጉ፣ ችግሩ የት እንደተሰበሰበ በአንድ ዕይታ ይታያል፤ ይህ ንድፍ በኋላ መንስኤውን የሚነግርዎት እሱ ስለሆነ አይዝለሉት። ማዕዘኖቹን በጥንቃቄ ይመልከቱ፤ ጎማው የተጋጠመው በእነሱ ላይ ስለሆነ ቀድመው የሚደክሙት እነሱ ናቸው። በማጠፊያው በኩል ጎማው በሩ በዞረ ቁጥር ስለሚታሽ፣ ሲዘጋ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ እንዳይቀር በዓይንዎ ይከታተሉ። ፍሪጁ ባለ ሁለት በር ከሆነ የፍሪዘሩን በር አስቀድሙ፤ በውስጡና በክፍሉ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ስለሚበልጥ ያው ክፍተት እዚያ የበለጠ ያስከፍላል።

ወረቀቱ የማይነግረው

ወረቀት የሚለካው ጎማው ክፈፉን መንካቱንና መያዙን ብቻ ነው። በእጥፋቱ ጀርባ ያለ ስንጥቅ፣ ወይም ጎማው በራሱ በበሩ ላይ ከተሰካበት ቦይ ወጥቶ የፈጠረው ክፍተት፣ ወረቀቱ በደንብ እየተያዘም አየር ያሳልፋል። ለዚህ የሚረዳው ብርሃን ነው፦ ማታ የክፍሉን መብራት አጥፍተው፣ የስልክዎን ባትሪ ብርሃን አብርተው ፊቱን ወደ በሩ አድርገው ውስጥ ያስቀምጡና በሩን ዘግተው ዙሪያውን ይመልከቱ። የብርሃን ጭረት በታየበት አየርም ያልፋል። ስልኩን ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ ውስጥ አያቆዩት፤ ሲወጣ ላብ ይይዘዋል።

ወረቀቱ ሲለቅ ጥፋቱ የቅርጽ ይሁን የማግኔት ለመለየት አንዲት ስፒል ትበቃለች። ስፒሏን ደህና በሆነው ቦታ ጎማው ላይ አስጠግተው እንዴት እንደምትሳብ ይዩ፤ ከዚያ ልል በሆነው ቦታ ይድገሙ። እኩል ከተሳበች ማግኔቱ ሕያው ነው፣ ችግሩ ጎማው ወደ ክፈፉ አለመድረሱ ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ሳይቀየር ይስተካከላል። ስፒሏ ከወደቀች ግን የማግኔቱ ገመድ ተሰብሯል ወይም ከቦታው ሸሽቷል፤ ማሞቅም ሆነ ማጽዳት አይመልሰውም።

አንድ የተለመደ ስሕተት እዚህ ላይ ማንሳት ተገቢ ነው። በብዙ ፍሪጆች የበሩ ክፈፍ ላብ እንዳያወጣ ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው ትኩስ ቱቦ በክፈፉ ውስጥ ያልፋል። ክፈፉ ሞቅ ብሎ መገኘቱ ስለዚህ የጎማ መድከም ምልክት አይደለም። ምልክቱ ከዚህ ተቃራኒው ነው፦ በአንድ ቦታ ብቻ የሚጤዝ ውሃ፣ በእጥፋቱ ውስጥ የሚበቅል ጥቁር ሻጋታ፣ ወይም በፍሪዘሩ ውስጥ ከአንድ ማዕዘን ተነሥቶ የሚወፍር በረዶ።

ክፍተቱ ወደ ቆጣሪው እንዴት እንደሚደርስ

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ በታች በኩል ባለው ክፍተት ይፈሳል፤ በምትኩ የክፍሉ ሞቃት አየር በላይ በኩል ይገባል። ለዚህ ነው ከላይም ከታችም የለቀቀ ጎማ፣ ርዝመቱ እኩል ሆኖ በአንድ ቦታ ብቻ ከለቀቀ ጎማ የሚብሰው። የገባው አየር ሁለት ሸክም ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ራሱ ሙቀቱ ነው፣ ሌላው እርጥበቱ ነው። አንድ ግራም እንፋሎት ወደ ውሃ ሲለወጥ 2,500 ጁል ገደማ ሙቀት ይለቃል፣ በረዶ ሲሆን ደግሞ ሌላ 334 ጁል ይጨምራል፤ ይህን ሁሉ ኮምፕረሰሩ ማውጣት አለበት። በዚያ ላይ የተፈጠረው በረዶ የሚያቀዘቅዘውን ክፍል እየሸፈነ ቅዝቃዜው ወደ ምግቡ እንዳይደርስ ስለሚከላከል ኮምፕረሰሩ ለተመሳሳይ ሥራ ረዘም ላለ ጊዜ ይሮጣል።

በቁጥር እንየው። በአዲስ አበባ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.9 ኪሎግራም ገደማ ይመዝናል። በ22 ዲግሪ ያለን ይህን ያህል አየር ወደ 4 ዲግሪ ለማውረድ 16 ሺህ ጁል ያህል፣ የያዘውን አራት ግራም ያህል ትርፍ እርጥበት ለማውጣት ደግሞ 10 ሺህ ጁል ያህል ሙቀት ማውጣት ያስፈልጋል። ከላይና ከታች በለቀቀ ጎማ በሰዓት ሁለት ሜትር ኩብ አየር ይገባል ብለን ብንነሣ፣ ይህ ያለማቋረጥ 14 ዋት ገደማ የሚሆን የሙቀት ጭነት ነው። አንድ ዋት ኤሌክትሪክ ወስዶ አንድ ዋት ተኩል ያህል ሙቀት የሚያወጣ ፍሪጅ ለዚህ 10 ዋት ገደማ ይጨምራል። ጭማሪው ሌሊትም ቀንም ስለማያቋርጥ በቀን 0.24፣ በወር 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ 3.6 ኪሎዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ለሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ ቢጋል እንደሚበላው ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ እርከን የተከፋፈለ በመሆኑ፣ የወር ፍጆታው 50፣ 100 ወይም 200 ኪሎዋት ሰዓት ጠርዝ ላይ ያለ ቤት በዚህች ጭማሪ ወደሚቀጥለው እርከን ሊሻገር ይችላል። በድሬዳዋ ወይም በሰመራ ሙቀት ደግሞ ያው ክፍተት ከዚህ በእጅጉ የበለጠ ይበላል።

መብራት ሲጠፋም ልዩነቱ ይታያል። ያልተከፈተ ፍሪጅ ምግብን አራት ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ 48 ሰዓት ያህል ያቆያል የሚባለው በሩ በደንብ ገጥሞ ሲዘጋ ነው።

በራስዎ ቆጣሪ መለካት

ጥገናው ዋጋ ማምጣት አለማምጣቱን የሚናገረው ግምት ሳይሆን ቆጣሪው ነው። ማታ ከመተኛትዎ በፊት፣ ለምሳሌ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከፍሪጁ በቀር ሌላውን ዕቃ ሁሉ ከሶኬት ይንቀሉ፤ የቆጣሪውን ንባብ ይጻፉና ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መልሰው ያንብቡ። ሌሊት በሩ ስለማይከፈት የሚለካው የጎማውና የፍሪጁ ብቻ ሥራ ነው። በካርድ ቆጣሪ ፊት ላይ የምትብለጨለጨው ቀይ መብራትም ትረዳለች፤ አጠገቧ `1600 imp/kWh` ተብሎ ከተጻፈ፣ 1,600 ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው ማለት ነው። ኮምፕረሰሩ እየሮጠ በየ22 ሰከንድ ተኩሉ አንዴ የምትበራ ከሆነ ፍሪጁ 100 ዋት እየወሰደ ነው።

እንዲህ ያለ ባለ 100 ዋት ፍሪጅ፣ ጎማው ደህና ሲሆን ከሌሊቱ 40 በመቶውን ብቻ ቢሮጥ በስምንት ሰዓት 0.32 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ከላይ ባሰላነው ክፍተት ምክንያት 50 በመቶውን ቢሮጥ 0.40 ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ አንድ ሌሊት አይበቃም፤ ከጥገናው በፊትና በኋላ ሙቀታቸው የሚቀራረብ ጥቂት ሌሊቶችን ማነጻጸር፣ የቴርሞስታቱን ቁጥርም አለመንካት ያስፈልጋል። የኮምፕረሰሩን ድምፅ እየሰሙ በሰዓት መመዝገብም ይቻላል። ኢንቨርተር ያለው ፍሪጅ ግን በዝግታ ያለማቋረጥ ስለሚሮጥ በድምፅ አይለካም፤ ለእሱ ቆጣሪው ብቻ ይቀራል።

ንድፉን አንብቦ ማስተካከል

አሁን ወደ ሣሉት ሬክታንግል ይመለሱ። አንድ ምሳሌ እንከተል፦ በእጀታው በኩል ያለው የላይኛው ማዕዘን ለ20 ሳንቲሜትር ያህል ልል ነው፣ ታችኛው ጠርዝ ደግሞ በዚያው ጎን ክፍት ነው፤ በማጠፊያው በኩል ሁሉም ነጥብ አጥብቆ ይይዛል፣ ስፒሏም በየቦታው እኩል ትሳባለች። ማግኔቱ ሕያው ሆኖ መልቀቁ በሙሉ ከማጠፊያው በራቀው ጎን መሰብሰቡ ጣት የሚጠቁመው ወደ ጎማው ሳይሆን ወደ በሩ ነው። በበሩ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩት የውሃና የለስላሳ ጠርሙሶች በሩን ወደ ታች ጎትተውታል ማለት ነው። ጠርሙሶቹ ይወጣሉ፤ የላይኛው ማጠፊያ ብሎን ይላላል፣ አንድ ሰው በሩን በእጀታው በኩል ቀና አድርጎ ይዞ ከክፈፉ ጋር ሲስተካከል ሌላው ያጠብቀዋል። ከዚያ የፍሪጁ የፊት እግሮች ከኋላዎቹ በጥቂት ሚሊሜትር ከፍ እንዲሉ ይዞራሉ፤ በሩ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ሲለቀቅ ወደ መዘጋት ማዘንበል አለበት። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ በምሳሌያችን የላይኛው ማዕዘን ይይዛል፣ ታችኛው ጠርዝ ግን በመሐሉ አሥር ሳንቲሜትር ያህል አሁንም ልል ነው። ይህ የቀረው እውነተኛው የጎማው ድርሻ ነው፤ ለወራት ተጣምሞ በመቆየቱ ቅርጹን ስቷል።

ቅርጽ የሳተ ጎማ በሙቀት ይመለሳል። እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ቦታው ላይ ደጋግመው ያሳርፉ፣ ወይም የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ከአንድ ስንዝር ርቀት እያንቀሳቀሱ ይንፉበት፤ በማድረቂያው ከመሥራትዎ በፊት አካባቢውን ማድረቅ፣ ፍሪጁንም ከሶኬት መንቀል የግድ ነው። ሲለሰልስ በጣት ወደ ፊት ሳብ ያድርጉትና በሩን ዘግተው ያለ መክፈት እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። ፕላስቲኩ ማብረቅረቅ ከጀመረ ሙቀቱ በዝቷል። በማጠፊያው በኩል ጎማው የሚታሽ ከሆነ በጣም ስስ ቫዝሊን መቀባት ያንሸራትተዋል፤ ዙሪያውን ሁሉ መቀባት ግን አቧራና ፍርፋሪ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም።

የተቀደደ፣ የተሰነጠቀ ወይም ስፒል የማይስብ ጎማ መቀየር አለበት። በማጣበቂያ የተጠገነ ስንጥቅ በእጥፋቱ ላይ ስለሚደርቅ ጎማው እንዳይዘረጋ ያደርገዋል፤ እኔ አልመክረውም። አዲሱን ሲገዙ በፍሪጁ የውስጥ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት የሞዴሉን ቁጥር ጽፈው ይሂዱ፤ ካልተገኘ አሮጌውን ጎማ ራሱን ይዘው መሄድ ይሻላል፤ ምክንያቱም ርዝመትና ወርዱ ብቻ ሳይሆን ወደ በሩ ቦይ የሚገባው ጥርስ ቅርጽም መግጠም አለበት። በአሮጌ ፍሪጆች ጎማው በጥርስ ሳይሆን በውስጠኛው ክፈፍ ሥር በብሎን የተያዘ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ብሎኖቹን ሙሉ በሙሉ ሳይፈቱ ማላላት ብቻ ይበቃል፤ ሁሉንም ከፈቱ በሩ ራሱ ይጣመማል።

አዲስ ጎማ ታጥፎ ስለሚመጣ መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ወይም ፀሐይ ላይ ዘርግተው እጥፋቱን ያስለቅቁት። ሲገጥሙ ከሁለቱ የላይኛው ማዕዘኖች ይጀምሩ፣ ከዚያ ታችኞቹን፣ በመጨረሻም መሐሉን በአውራ ጣት እየተጫኑ ያስገቡ፤ ከአንድ ጫፍ ጀምረው ዙሪያውን ከሄዱ መጨረሻው ማዕዘን ላይ ትርፍ ጎማ ይሰበሰባል። በዚያው ቀን የሚደረገው የወረቀት ፍተሻ በጥቂት ቦታ ልል ቢያሳይ አይደናገጡ፤ አንድ ሁለት ቀን በሩ ሲዘጋ ሲከፈት ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ነጥብ ይድገሙት። ወረቀቱ ዙሪያውን ይዞ ሳለ የሌሊቱ ንባብ ካልወረደ፣ የቀሩት ተጠርጣሪዎች ግማሽ ሳንቲሜትር ያለፈ የፍሪዘር በረዶ፣ ከኋላ በአቧራ የተሸፈነው የሙቀት ማስወጫ ሽቦና ያለ ምክንያት ከፍ የተደረገ ቴርሞስታት ናቸው፤ በዚሁ ቅደም ተከተል ይመርምሯቸው።